ሽማግሌ፣ የግልግል ዳኛ ወይስ ፍርድ ቤት? ስለ አንድ የጣና ጀልባ ክርክር

«ከባለቤቴ ወንድም ጋር በሽርክና ጀልባ ገዝተን ከባሕር ዳር ዘጌ እንግዳ እናመላልሳለን። እኔ 600 ሺህ፣ እሱ 300 ሺህ ብር አዋጣን። የሚነዳውም ገንዘብ የሚቀበለውም እሱ ነው፤ ጀልባው የተመዘገበውም በእሱ ስም ነው። የጽሑፍ ውል የለንም። አሁን በሒሳብ ተጣልተናል፤ ጀልባውን ሊሸጠው ነው የሚል ወሬም ሰምቻለሁ። እሱ ሽማግሌ ይግባ ይላል፤ አንድ ወዳጄ የግልግል ዳኛ ምረጡ ይለኛል፤ አባቴ ደግሞ ክሰስ ይለኛል። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለእኔስ የቱ ይሻላል?»

ወንድሜ፣ የሽያጩን ወሬ ዛሬውኑ አጣራ። ወሬው እውነት ከሆነ አባትህ ያሉህ ይቀድማል፤ አማችህ ያለው ይከተላል። ሁለቱ አይጣሉም፤ ለምን እንደማይጣሉ ወደ ታች እመለስበታለሁ። የወዳጅህ ምክር ግን ለአሁኑ ጉዳይህ የሚስማማ አይመስለኝም።

ሦስቱን ለመለየት አንድ ነገር ጠይቅ፦ የመጨረሻው ቃል የማን ነው? አስታራቂ ዘንድ ስትቀመጥ የመጨረሻው ቃል የአንተና የአማችህ ነው። አስታራቂው ያቀራርባል፣ ይጠይቃል፣ ሐሳብም ሊያቀርብ ይችላል፤ «እምቢ» ካልክ ግን ምንም ሊያደርግህ አይችልም። የግልግል ዳኛ ሲሆን የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው፤ ሥልጣኑን የሰጣችሁት ግን እናንተ ራሳችሁ ናችሁ፤ አንዴ ከሰጣችሁ በኋላ ውሳኔው ከፋም በጀም ያስራችኋል። የመንግሥት ዳኛ ደግሞ ማንም ሳይመርጠው፣ ተከሳሹ ሳይስማማም ጭምር፣ ይፈርዳል። ሥልጣኑ የሚመነጨው ከሕግ ነው።

ይህ ቀላል ይመስላል። በእኛ አገር የሚያሳስተው ግን «ሽማግሌ» የሚለው ቃል ራሱ ነው። አንዱን ሰው ለእርቅም ለፍርድም እንጠራበታለን። «ሽማግሌ ይየው» ያለው ሰው «ያስታርቁን» ማለቱ ነው ወይስ «ይፍረዱብን»? ብዙ ጊዜ ተናጋሪው ራሱም ለይቶ አላሰበውም። የድሮው የፍትሐ ብሔር ሕግ የግልግል ዳኛውን «የዘመድ ዳኛ» ይለው ስለነበር ነገሩ ይበልጥ ተቀላቅሏል። ይህ መቀላቀል ሰውን ምን ያህል እንደሚጎዳ ያየሁበትን ጉዳይ ልንገርህ፤ ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ለውጫለሁ።

አንዲት ዓሣ ነጋዴ ለአንድ አስጋሪ መረብና የጀልባ ሞተር በ160 ሺህ ብር ገዝታ በዱቤ ሰጠችው። እሱ ያሰገረውን ለእሷ ብቻ ሊያመጣ፣ እሷም በተወሰነ ዋጋ ልትቀበለው፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ 20 ብር ለዕዳው ልትይዝ ተስማሙ። ለጥቂት ወራት በደንብ ሄደ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን የዓሣ ፈላጊው በዛ፣ ዋጋው ናረ፤ እሱም ቀረሶውን ዳር ላይ ለሚጠብቁ ሌሎች ገዢዎች መሸጥ ጀመረ። ተጣሉ። እሷ 97 ሺህ ብር ቀርቶብሃል አለች፤ እሱ 84 ሺህ ነው አለ፤ ጨምሮም «የገዛሽልኝ ሞተር አሮጌ ነበር፤ 40 ሺህ ብር ለማሳደሻ አውጥቻለሁ» አለ።

ሦስት የተከበሩ ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለቱንም ሰሙና አንድ ወረቀት ጻፉ፤ «ግራ ቀኙን ሰምተን 90 ሺህ ብር እንዲከፍላት ወስነናል» ይላል። ሦስቱም ፈረሙ። አስጋሪው ግን አልፈረመም፤ ዝም ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሴትዮዋ ወረቀቱን ይዛ ይፈጸምልኝ ብላ ፍርድ ቤት ቀረበች። የተጠየቀችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች እንዲወስኑ ሁለታችሁ የተስማማችሁበት ጽሑፍ የት አለ? አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱ የግልግል ዳኝነት ውሳኔ ሊሆን አልቻለም። አስጋሪው ስላልፈረመበት የእርቅ ስምምነትም አልሆነም። ሽማግሌዎቹ ቅን ሰዎች ነበሩ፤ የደከሙበት ሥራ ግን ከሁለቱም ሳይሆን ቀረ፤ የጾሙም ወቅት አለፈ።

አስታራቂ ነኝና እኔ ዘንድ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ቀን እንደ ዳኛ ማንንም አልጠየቅሁም። ሁለቱም የኪሎ መመዝገቢያ ደብተራቸውን እንዲያመጡ ብቻ አዘዝኩ። የእሷ በፕላስቲክ የተሸፈነ ነው፤ የእሱ ውሃ የነካው፣ ጫፉ የተቆለመመ የተማሪ ደብተር ነው፤ አሥር አሥር ኪሎውን በጭረት ነው የያዘው። ጎን ለጎን ዘርግተን ቀን በቀን አመሳከርናቸው። እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ አንድ ናቸው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ይለያያሉ፤ በእሱ ደብተር ያለው 650 ኪሎ በእሷ ላይ የለም። በ20 ብር ሲባዛ 13 ሺህ ብር ነው፤ የ97 እና የ84 ሺህ ልዩነት እሱ ብቻ ነበር። እነዚያ ሦስት ሳምንታት ሴትዮዋ እህቷን ልታስታምም ጎንደር የሄደችበት ጊዜ መሆኑን ራሷ አስታወሰች። ዓሣውን ይቀበል የነበረው ሠራተኛዋ ነው፤ እሱም አልፎ አልፎ ሳይጽፍ እንደቀረ አመነ።

ይህን ያነሣሁት የአስታራቂን ሥራ ስለሚያሳይ ነው። እኔ «650ው ትክክል ነው» አላልኩም። እሷው 400ውን እቀበላለሁ አለች፤ ዕዳው ወደ 89 ሺህ ወረደ። ቀጥሎ ለየብቻ አነጋገርኳቸው። ብቻውን ሲሆን አስጋሪው የነገረኝ ስለ 13 ሺህ ብር አይደለም፤ በጾም ወቅት ጎረቤቱ እጥፍ ሲሸጥ እሱ በድሮ ዋጋ ማስረከቡ እንዳንገበገበው ነው። እሷም ብቻዋን ስትሆን ገንዘቧን ከማጣት ይልቅ ለምግብ ቤቶች ቃል የገባችውን ዓሣ ማጣቷ እንዳዋረዳት ነገረችኝ። ሁለቱም ይህን ፊት ለፊት አልተባባሉም ነበር።

የተስማሙበት እንዲህ ነው። የሞተሩን ማሳደሻ ለሁለት ተካፈሉ፤ 20 ሺህ ከዕዳው ተቀንሶ 69 ሺህ ቀረ። ከእንግዲህ ዋጋው የዕለቱ የዳር ገበያ ዋጋ ሆነ። ከኪሎ የሚያዘው ወደ 23 ብር አደገ፤ በ3,000 ኪሎ ዕዳው ያልቃል፤ እሱ በሳምንት 200 ኪሎ ገደማ ስለሚያመጣ አራት ወር እንኳ አይሞላም። በጾም ካሰገረው ከሦስት ሁለት እጁን መጀመሪያ ለእሷ ያቀርባል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም በሁለቱም ደብተር ላይ ይፈርማሉ። ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው መቀጫም ተጻፈበት። ሁለቱም ፈረሙ፤ እሷ አስቀድማ ክስ ከፍታ ስለነበር ስምምነቱ በመዝገቡ ቀርቦ ፍርድ ቤቱ አጸደቀው።

ዳኛ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር። ዳኛ የሚወስነው በተጠየቀው ዳኝነት ላይ ነው። «97 ሺህ ይክፈለኝ» ካልክ ወይ ይከፍላል ወይ አይከፍልም ወይ ይህን ያህል ይከፍላል ይባላል፤ የቀጣዩን ዓመት የጾም ዓሣ ማን ያቀርባል የሚለው በክሱ ውስጥ የለም። የግልግል ዳኛም እንደዚያው ነው፤ ሥልጣኑ በሰጣችሁት የክርክር ነጥብ ላይ የታጠረ ነው። ወደፊት አብረው መሥራት ለሚፈልጉ፣ ወይም እንደ አንተ በጋብቻ ለተሳሰሩ ሰዎች፣ እርቅ የሚመረጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ስለ ግልግል ዳኛው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግል ዳኝነትና የእርቅ አሠራር ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ሁለቱን ለያይቶ ደንግጓል። የግልግል ዳኝነት ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ውሳኔው ላይ ይግባኝ የሚባለው ተዋዋዮቹ በውላቸው ካስቀመጡት ብቻ ነው፤ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ካለበት ግን፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ለሰበር ችሎት ማቅረብ ይቻላል። ይህን ልብ በል፤ የግልግል ዳኛው ማስረጃህን አሳንሶ ቢመዝነው «ሌላ ዳኛ ይየው» የምትልበት በር በአብዛኛው ተዘግቷል። ለእርቅ ስትቀመጥ የምታጣው ነገር ሳትፈርም አይወሰንም፤ ለግልግል ዳኝነት ስትፈርም ግን ገና ያልሰማኸውን ውሳኔ አስቀድመህ ተቀብለሃል።

በጽሑፍ ሲሆን ልዩነቱ ሁለት መስመር ነው። ለእርቅ ከሆነ፦ «ሽማግሌዎቹ እንዲያቀራርቡን መርጠናል፤ የሚያስገድደን ሁላችንም የፈረምንበት ስምምነት ብቻ ነው፤ ካልተስማማን በድርድሩ ላይ የተነገረውን ማንኛችንም ማስረጃ አድርገን አናቀርብም።» ለግልግል ዳኝነት ከሆነ፦ «በመካከላችን የተነሣው የሒሳብ ክርክር በግልግል ዳኝነት እንዲወሰን ተስማምተናል፤ የግልግል ዳኞቹ የሚሰጡት ውሳኔ ያስገድደናል።» አማችህ የሚያመጣልህን ወረቀት ከመፈረምህ በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ አንብብ። «ሽማግሌዎቹ ያሉትን እንቀበላለን» የሚል ሐረግ ካለበት እርቅ መስሎህ ለፍርድ እየፈረምክ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ነገር የዝምድና ጉዳይ ነው። አስታራቂ ለሁለታችሁም ቅርብ ቢሆን አይጎዳም፤ እንዲያውም ቅርበቱ ጉልበቱ ነው። የሚስትህ አጎት «ልጆቼ» ሲሏችሁ የምታፍሩት፣ የምትለሳለሱት ስለምትቀራረቡ ነው። የግልግል ዳኛ ግን ገለልተኛ መሆን አለበት፤ ከአንዱ ጋር ያለው ዝምድና ወይም ጥቅም መቃወሚያ ይነሣበታል፤ ውሳኔውንም ያበላሸዋል። ስለዚህ ለእርቅ የምትመርጠው ጥሩ ሰው ለግልግል ዳኝነት መጥፎ ምርጫ ሊሆን ይችላል። «መጀመሪያ አስታርቁን፤ ካልሆነ እናንተው ፍረዱ» የሚለውም ልማድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው። አስጋሪው ብቻውን ሆኖ የነገረኝን ሰምቼ፣ እርቁ ቢፈርስና እኔው ፈራጅ ብሆን፣ እሷ ያልሰማችውንና መልስ ያልሰጠችበትን ነገር በልቤ ይዤ ነበር የምፈርደው። እንደምፈርድ ቢያውቅ ደግሞ መጀመሪያውኑ እውነቱን አይነግረኝም ነበር። ሚናው ከመጀመሪያው አንድ ይሁን፤ እርቁ ካልተሳካ ፈራጁ ሌላ ሰው ይሁን።

ታዲያ የግልግል ዳኛ የሚስማማው ለማን ነው? ጥያቄያቸው ጠባብና ሙያዊ ለሆነ፣ ሁለቱም የሚያምኑት ባለሙያ ላለ፣ ምስጢራቸው አደባባይ እንዲወጣ ለማይፈልጉ፣ የክርክሩም ገንዘብ ወጪውን ለሚችል ሰዎች ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው የብረት ጀልባ አሠርቶ «ብየዳው በውሉ መሠረት አይደለም» ቢል፣ ብረት የሚያውቅ መሐንዲስ ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጦ ቢወስነው ነገሩ በፍጥነት ያልቃል። የግልግል ዳኞቹ አበል ግን ከተከራካሪዎቹ ኪስ ነው የሚወጣው። የአንተ የሒሳብ ልዩነት ከመቶ ሺዎች ብዙ የማይዘል ከሆነ ሦስት የግልግል ዳኛ መሰየም የምታገኘውን ይበላዋል። ጀልባው ስንት ያወጣል የሚለው ብቻ ካከራከራችሁ ዳኛ አያስፈልጋችሁም፤ ሁለታችሁ የመረጣችሁት አንድ ገማች ይበቃል። ሌላም ገደብ አለ፤ በዚያው አዋጅ የመሬት ጉዳይ፣ ፍቺ፣ ውርስ፣ የንግድ ማኅበር ማፍረስ ለግልግል ዳኝነት አይቀርቡም። በጀልባው ጉዳይ ላይ የመቆሚያ ወይም የመጋዘን ቦታ ክርክር ከተጨመረበት ያንን ለይታችሁ ማውጣት አለባችሁ።

ዳኛ ብቻ የሚችለውን ደግሞ እወቅ። እናንተ ካልመረጣችሁት ሰው ጋር የሚያገናኘው ሁሉ የዳኛ ነው። ባንክ የሒሳብ መግለጫ እንዲልክ፣ ጀልባውን የመዘገበው መሥሪያ ቤት ስም እንዳያዛውር፣ ጋራዡ የጥገና ደረሰኙን እንዲያቀርብ የሚያዝዘው ፍርድ ቤት ነው። አስታራቂ ይህን አይችልም። የግልግል ዳኛም ጊዜያዊ ትእዛዝ ቢሰጥ እምቢ ያለውን ለማስገደድ የፍርድ ቤት ክንድ ያስፈልገዋል። ሐሰተኛ ፊርማ ሲኖር፣ አንዱ ሌላውን ሲያስፈራራ፣ ወይም አንዱ ወገን ከነጭራሹ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ካልሆነ ወደ እርቅ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ለእርቅ የሚቀርብ ሰው ሁሉ ለመታረቅ እንደማይቀርብም ማየት ተምሬያለሁ። ምልክቱ ይህ ነው፦ ሽማግሌ ይግባ ብሎ ራሱ ይጠይቃል፤ ቀጠሮ ሲደርስ ግን «ደብተሩን ረሳሁት» ይላል፤ በሚቀጥለው «ልጄ ታማብኝ» ይላል፤ በሦስተኛው አንዱን ሽማግሌ መቀየር ይፈልጋል። በመሃሉ ንብረቱ እጅ እየለወጠ ነው። በአንድ ቀጠሮ መቅረት ሰውን አልጠረጥርም። ሰነድ ይዞ እንዲመጣ የተጠየቀ ሰው ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ከመጣ ግን ድርድሩን አቁሜ ሌላውን ወገን ወደ ፍርድ ቤት እልካለሁ።

ወደ አንተ ልመለስ። ጀልባው በአማችህ ስም ነው፤ ውል የለህም፤ የሽያጭ ወሬ አለ። ጀልባውን አንድ ሰው በቅን ልቦና ገዝቶ ከወሰደው ከእጁ ማስመለስ በጣም ይከብዳል፤ የሚቀርህ አማችህን ገንዘብ መጠየቅ ይሆናል። ስለዚህ ወሬው ተጨባጭ ከሆነ፣ ለምሳሌ ደላላ ጀልባውን ሲያሳይ ያየ ሰው ካለህ፣ የጋራ ባለቤትነትህ እንዲረጋገጥና ሒሳብ እንዲተሳሰብ ክስ ትመሠርታለህ፤ ከክሱም ጋር በቃለ መሐላ የተደገፈ የእግድ አቤቱታ ታቀርባለህ። ማስረጃህ 600 ሺህ ብሩን ያስተላለፍክበት የባንክ ሰነድ፣ ጀልባው ሲገዛ የነበሩ ምስክሮች፣ በስልክ የተጻጻፋችሁትም ካለ እሱ ነው። በእጅ በጥሬ ብር ሰጥተህ ከሆነ ምስክሮቹ ወሳኝ ይሆናሉ፤ ስማቸውን ከአሁኑ ጻፍ።

ይህን ስታደርግ እርቁ አይዘጋም ያልኩህ ለዚህ ነው፦ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ተከራካሪዎች ክሱ በየትኛውም ደረጃ ላይ እያለ ሊታረቁ ይችላሉ፤ ዳኛውም ራሱ ሊያስማማቸው ሊሞክር ይችላል፤ ስምምነቱም በመዝገቡ ሰፍሮ እንደ ፍርድ ይፈጸማል። እግዱ የሚጠቅምህ ጀልባው ባለበት እንዲቆይ ነው። ይህን ለአማችህ ከመጥሪያው በፊት በራስህ አፍ ንገረው፤ ብትችል ባለቤትህ ባለችበት። «ክስ የመሠረትኩት ጀልባው እንዳይሸጥ ነው፤ ሒሳቡን ግን አንተ እንዳልከው በሽማግሌ እንጨርሰው» በለው። መጥሪያ ድንገት የደረሰው ሰውና ይህን ቀድሞ የሰማ ሰው ለእርቅ ሲቀመጡ አንድ አይሆኑም።

ወሬው ባዶ ሆኖ ካገኘኸው ደግሞ ክሱን አቆየውና በቀጥታ ለእርቅ ተቀመጡ። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ አማችህ የአንተን 600 ሺህ ብር መዋጮ አምኖ በጽሑፍ ይፈርም። እስካሁን ያልጻፋችሁት ውል ጅማሬ እሱ ነው። ይህን ለመፈረም ካቅማማ ስለ ሒሳቡ መደራደር ገና ነው፤ ወደ ክሱ ተመለስ። ከፈረመ ግን ከሁለታችሁም ወገን አንድ አንድ ሰው ምረጡ፤ ሦስተኛው ሰብሳቢ የጀልባ ሥራ የሚያውቅ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ወደ ዘጌ አንድ ምልልስ ምን ያህል ነዳጅ እንደሚበላ፣ ክረምት ሲገባ እንግዳ ምን ያህል እንደሚቀንስ ሳይነገረው የሚያውቅ ሰው። አማችህ ምናልባት የሚያነሣው የነጂነት ድካሙን ነው። አንተ ሁለት እጅ ገንዘብ አዋጥተሃል፤ እሱ አንድ እጅ ገንዘብና በየቀኑ ጉልበቱን። ጉልበቱ እንደ ደመወዝ ይቆጠር ወይስ እንደ መዋጮ የሚለውን በቃል እንኳ ተነጋግራችሁ ካልነበረ ጠባችሁ ከዚያ የመነጨ ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ ደብተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ይህንን አንሡት።